የአነስተኛ መስኖ የወጪና ጥቅም ትንተና ለክፍል ፕሮጀክት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስድስት ኪሎና አራት ኪሎ አካባቢ የሚማሩ ልጆች በየሴሚስተሩ የሚያመጡልኝን ጥያቄዎች፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ፣ በአንድ ምሳሌ አስሬ እዚህ አስቀምጫቸዋለሁ።

ምን ዓይነት መስኖ ልምረጥ?

አንድ ወንዝ፣ አንድ ቦይ፣ አንድ መንደር ምረጡ። በአገራችን አመዳደብ ከ200 ሄክታር በታች የሆነ መስኖ "አነስተኛ" ይባላል። ለክፍል ሥራ ግን 200 ሄክታርም ይበዛል። ከ30 እስከ 60 ሄክታር የሚያለማ የወንዝ ጠለፋ ከበቂ በላይ ነው። ፓምፕ ከመረጣችሁ የነዳጅ፣ የመለዋወጫና የፓምፕ ዕድሜ ሂሳብ ይጨመርባችኋል። የወንዝ ጠለፋ ግን ውሃው በራሱ ቁልቁል ስለሚሄድ ሂሳቡ ይቀላል።

እዚህ ገጽ ላይ የምጠቀምበት ምሳሌ የታሰበ ነው። በወይና ደጋ፣ ጥቁር አፈር ላይ፣ 40 ሄክታር እንዲያለማ የተነደፈ ጠለፋ ነው። ግንባታው 18 ሚሊዮን ብር ይፈጃል እንበል፣ በአንድ ዓመት ያልቃል፣ 20 ዓመት ያገለግላል። ገበሬው በክረምት ቶሎ የሚደርስ ገብስ ይዘራል። ጠለፋው ሲመጣ በበጋ ሽንኩርት ያመርታል። ቁጥሮቹ ለመማሪያ የተቀመጡ ስለሆኑ ወደ ሪፖርታችሁ አትገልብጧቸው። አካሄዱን ብቻ ውሰዱ።

ሪፖርቱ ምን ምን ክፍሎች ይኑሩት?

አምስት ሰንጠረዥ ካላችሁ ሪፖርት አላችሁ። የመጀመሪያው መሬቱን ያሳያል፤ በየወቅቱ ስንት ሄክታር ላይ ምን እንደሚዘራ። ሁለተኛው የአንድ ሄክታር ሂሳብ ነው፣ ለእያንዳንዱ ሰብል ለብቻው። ሦስተኛው ፕሮጀክቱ ቢኖርና ባይኖር የሚለውን ጎን ለጎን ያስቀምጣል። አራተኛው ከዓመት 0 እስከ ዓመት 20 የሚሄደው የገቢና ወጪ ፍሰት ነው። አምስተኛው ግምቶቹ ቢዛነፉ ምን እንደሚሆን ያሳያል።

በዚሁ ቅደም ተከተል ሥሩ። ብዙ ተማሪ ከአራተኛው ይጀምርና ጥቅሙን በአንድ መስመር "የሽንኩርት ገቢ" ብሎ ይሞላል። ከዚያ መምህሩ "ይሄ ቁጥር ከየት መጣ?" ሲለው መመለሻ ያጣል። አራተኛው ሰንጠረዥ ላይ ያለ እያንዳንዱ ቁጥር ከፊተኞቹ ሦስት በቀመር የሚመጣ መሆን አለበት። በእጅ የተጻፈ ቁጥር እዚያ ውስጥ ካለ፣ የሆነ ነገር ዘላችኋል ማለት ነው።

ንድፉ 40 ሄክታር ካለ፣ 40 ብዬ ልሥራ?

አይሆንም፤ መጀመሪያ ወንዙን ጠይቁ። ሽንኩርት በበጋ፣ ውሃ አብዝቶ በሚፈልግበት ጊዜ፣ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ያህል ይጠጣል ብላችሁ ጀምሩ። 5 ሚሊ ሜትር በአንድ ሄክታር ላይ 50 ሜትር ኩብ ነው። የአፈር ቦይ ግን ውሃውን በሙሉ ማሳው ላይ አያደርስም፤ ይሰርጋል፣ ይተናል፣ ይፈሳል። ግማሹ ብቻ ይደርሳል ብንል ከወንዙ 100 ሜትር ኩብ መጥለፍ አለብን። ይህን ለ24 ሰዓት ስናካፍለው ለአንድ ሄክታር በሰከንድ 1.16 ሊትር ይመጣል።

አሁን ወንዙ ጥርና የካቲት ላይ ስንት እንደሚፈስ እዩ። ዓመታዊ አማካይ እዚህ አይሠራም፤ አማካዩን የሚያሳብጠው የነሐሴ ጎርፍ ነው። በምሳሌያችን በደረቁ ወር የሚፈሰው በሰከንድ 35 ሊትር ነው እንበል። 35 ለ1.16 ሲካፈል 30 ሄክታር ይሆናል። ስለዚህ ንድፉ 40 ቢልም በበጋ የሚለማው 30 ነው። ያውም ወንዙን ጠራርጎ በመውሰድ ነው፤ ወደዚህ ነገር መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ።

ከአዲስ አበባ ሳልወጣ የዋጋና የምርት መረጃ ከየት አገኛለሁ?

የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት፣ የድሮው ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ፣ የገጠር አምራቾች ምርታቸውን የሚሸጡበትን ዋጋ በክልልና በዞን ከፍሎ ሲያወጣ ቆይቷል። የሚያስፈልጋችሁ ይሄ ነው። ዓመታዊው የግብርና ናሙና ጥናት ደግሞ የምርታማነት ቁጥር ይሰጣችኋል። የአንድ ወር ዋጋ ብቻ አትውሰዱ። የሽንኩርት ዋጋ በአንድ ዓመት ውስጥ ወጥቶ ይወርዳል፤ የእናንተ ገበሬ የሚሸጠው መጋቢት ላይ ከሆነ የበርካታ ዓመታት የመጋቢት ዋጋ ያስፈልጋችኋል።

የሰፈራችሁን የጉሊት ዋጋ ወይም የአትክልት ተራን ዋጋ እንዳለ አትጠቀሙ። በዚያ ዋጋ ውስጥ የመኪና ጭነት፣ የጫኝና አውራጅ፣ የደላላ፣ የጆንያና መንገድ ላይ የሚበሰብሰው ሽንኩርት ሁሉ አለ። ገበሬው እጅ የሚገባው ማሳ ላይ ያለው ዋጋ ነው። ሌላ መረጃ ካጣችሁ አትክልት ተራ ሄዳችሁ አንድ ሾፌርና አንድ ነጋዴ አነጋግሩና ከከተማው ዋጋ ላይ እነዚህን ወጪዎች አንድ በአንድ ቀንሱ። ግማሽ ቀን ይወስዳል፣ ለሪፖርታችሁ ግን ትልቅ አቅም ይሆነዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ገበሬም የልማት ሠራተኛም በስልክ ስታነጋግሯቸው በጥማድ ሊነግሯችሁ ይችላሉ። አራት ጥማድ በግምት አንድ ሄክታር ነው። "30 ኩንታል" ሲባል "በጥማድ ነው በሄክታር?" ብላችሁ ሳትጠይቁ ስልኩን አትዝጉ። ይህን ጥያቄ ረስቶ ሙሉውን ሥራ በአራት እጥፍ ያሳነሰ ቡድን አይቻለሁ።

የአንድ ሄክታር ሂሳብ እንዴት ይሠራል? የገበሬው የራሱ ጉልበትስ ይቆጠራል?

ምርቱን በዋጋ አባዙ፣ ከዚያ የሚወጣውን ሁሉ ቀንሱ። በምሳሌያችን አንድ ሄክታር 120 ኩንታል ሽንኩርት ይሰጣል፣ ኩንታሉ ማሳ ላይ 2,500 ብር ነው። ስለዚህ 300,000 ብር ይገባል። ዘር፣ ማዳበሪያ፣ የተባይ መድኃኒት፣ እርሻና ጉልበት ተደምረው 180,000 ብር ያስወጣሉ። የሚተርፈው 120,000 ብር ነው።

የቤተሰብ ጉልበት የግድ ይቆጠራል። ሽንኩርት ጉልበት በላተኛ ነው፤ ችግኝ ማፍላት፣ መትከል፣ መኮትኮት፣ ውሃ ማጠጣት፣ መንቀል አለው። እዚህ 250 የሰው ቀን በ300 ብር ይዣለሁ፤ ይህም ከ180,000ው ውስጥ 75,000 ነው። "ለራሱ ስለሚሠራ ነፃ ነው" ብላችሁ ከዘለላችሁት ጥቅሙ ያለ አግባብ ያብጣል። ያ ሰው ያን ቀን ሌላ ቦታ ሊሠራ ይችል ነበር። 300 ብሩ ልክ ነው ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ከታች አለላችሁ።

ከፕሮጀክቱ በፊትና በኋላ ያለውን ማወዳደር አይበቃም?

አይበቃም። አብዛኛው የክፍል ሥራ የሚወድቀው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። የምናወዳድረው ፕሮጀክቱ ቢኖር የሚሆነውንና ባይኖር የሚሆነውን ነው። "በፊት" የሚባለው አንድ ቀን የተነሳ ፎቶ ነው። "ባይኖር" የሚባለው ግን ሃያ ዓመት የሚሄድ ሕይወት ነው፤ በዚያ ሃያ ዓመት ውስጥ ገበሬው እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። ተማሪዎች "በበጋ መሬቱ ጦም ያድራል" ብለው ዜሮ ይጽፋሉ። ጦም ማደሩን ግን ማንም አላየላቸውም።

የኛን 30 ሄክታር እንየው። ጠለፋ የሚሠራው ብዙውን ጊዜ ገበሬው ራሱ በድንጋይና በጭቃ ወንዙን እየመለሰ ሲያጠጣ በኖረበት ቦታ ነው። ቦታውን ተስማሚ ያደረገው ነገር ለአባቶቹም ታይቷቸዋል። ስለዚህ 8 ሄክታሩ በባህላዊ መስኖ ዛሬም ሽንኩርት ያበቅላል እንበል፤ ምርቱ 90 ኩንታል ሆኖ በሄክታር 80,000 ብር ያተርፋል። 12 ሄክታሩ ላይ ገብሱ እንደታጨደ ጥቁሩ አፈር ውስጥ በቀረው እርጥበት ሽምብራ ይዘራል፤ በሄክታር 30,000 ብር ይተርፈዋል። የቀረው 10 ሄክታር ከብት የሚግጥበት ነው፣ እሱን ለጊዜው ዜሮ እንበለው። ሲደመር ጠለፋው ባይኖርም ይህ መሬት በበጋ 640,000 እና 360,000፣ ማለትም 1 ሚሊዮን ብር በየዓመቱ ይሰጣል።

ጠለፋው ሲኖር 30 ሄክታሩ በሙሉ ሽንኩርት ሆኖ 3.6 ሚሊዮን ይሰጣል። የፕሮጀክቱ ጥቅም ታዲያ 3.6 ሚሊዮን አይደለም፤ 2.6 ሚሊዮን ነው። ሽምብራው የሚጠፋው ሽንኩርቱ ቦታውን ስለሚወስድ ነው፣ ስለዚህ መቀነስ አለበት። በክረምት የሚዘራው ገብስ ግን በሁለቱም በኩል አንድ ዓይነት ስለሆነ ይጣፋል፤ ጭራሽ ባታስገቡትም ውጤቱ አይለወጥም። አንድ ልዩነት ብቻ አለ። ቦዩ ራሱ 1 ሄክታር ይበላል፣ እዚያ ላይ ይዘራ የነበረው ገብስ 40,000 ብር በዓመት ይቀራል።

ወጪ ውስጥ ምን ይገባል? ምን አይገባም?

የግንባታው 18 ሚሊዮን ይገባል። በየዓመቱ ደለል መጥረግ፣ በር መጠገን፣ የውሃ አከፋፋይ ደመወዝ ይገባል። ለዚህ በምሳሌያችን የግንባታውን 2 በመቶ፣ 360,000 ብር በዓመት ይዣለሁ። ደለሉን የሚጠርገው የውሃ ተጠቃሚዎች ማህበር በነፃ ጉልበት ቢሆንም ያው ወጪ ነው። ቦዩ የበላው መሬትም ይገባል።

የብድር ወለድ አይገባም። የጊዜን ዋጋ፣ የነገውን ብር ወደ ዛሬ ዋጋ በሚያወርደው በቅናሽ ምጣኔው አስገብታችኋል፤ ወለዱን ከጨመራችሁ አንዱን ነገር ሁለቴ ቀነሳችሁ። አስቀድሞ ለጥናት የወጣ፣ ፕሮጀክቱ ቢቀርም የማይመለስ ገንዘብም አይገባም። ከጥቅም በኩል ደግሞ "የመሬት ኪራይ ይወደዳል" የሚለውን ከሽንኩርቱ ትርፍ ጋር አትደምሩ። ኪራዩ የሚወደደው ሽንኩርቱ ስለሚያተርፍ ነው። እሱም ያው ጥቅም ነው።

የዋጋ ንረቱን ምን ላድርገው? ቅናሽ ምጣኔው ስንት ይሁን?

ሁሉንም ቁጥር በአንድ ዓመት ዋጋ ሥሩና ንረቱን እርሱት። ሽንኩርቱም ማዳበሪያውም ሲሚንቶውም በ2017 ዋጋ ከሆነ እስከ ዓመት 20 በዚያው ይቀጥላል። አደገኛው ነገር የተለያየ ዓመት ዋጋ መቀላቀል ነው። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ ከ100 ብር በላይ ወጥቷል። ከውጭ የሚመጣ ብረት፣ ቧንቧና ማዳበሪያ በአሮጌ ሰነድ ዋጋ፣ ሽንኩርቱን ደግሞ በዘንድሮ ዋጋ የያዘ ሪፖርት ወጪውን አሳንሶ ጥቅሙን አግዝፎ ያሳያል።

ዋጋው ንረት ከሌለበት ምጣኔውም ንረት የሌለበት መሆን አለበት። የባንክ ወለድ ግን ንረትን ይዞ ነው የሚመጣ። ለምሳሌ ወለዱ 20፣ ንረቱ 12 በመቶ ቢሆን 1.20ን ለ1.12 አካፍሉ፤ እውነተኛው 7 በመቶ ገደማ ነው። 20 በመቶውን እንዳለ ብትወስዱ ደህና ፕሮጀክት ትገድላላችሁ። መምህራችሁ የሰጠው ምጣኔ ካለ እሱን ያዙ። እኔ እዚህ 10 በመቶ ተጠቅሜያለሁ።

ኤክሴል ላይ ያገኘሁት ውጤት ከጓደኛዬ ጋር ለምን አይገጥምም?

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የዓመት 0 ነው። የተጣራ የአሁን ዋጋን የሚያሰላው የኤክሴል `NPV` የመጀመሪያውን ቁጥር ከአንድ ዓመት በኋላ እንደሚመጣ ቆጥሮ ይቀንሰዋል። ግንባታው ግን ዛሬ የሚወጣ ገንዘብ ነው፣ ቅናሽ ምጣኔው ሊነካው አይገባም። ዓመት 0 በኔጌቲቭ ምልክት በ`B2`፣ ዓመት 1 እስከ 20 ከ`C2` እስከ `V2` ከሆነ ትክክለኛው ይሄ ነው፦

```
=B2+NPV(10%,C2:V2)
=IRR(B2:V2)
```

`=NPV(10%,B2:V2)` ብሎ የጻፈው ሰው ውጤት ከናንተው በ1.1 ተካፍሎ ይታያል። የሁለታችሁን አካፍሉና 1.1 ከመጣ ምክንያቱን አገኛችሁ።

ውጤቴ ኔጌቲቭ ወጣ። ተሳስቻለሁ ማለት ነው?

የግድ አይደለም። የኛን ምሳሌ ደረጃ በደረጃ ልሥራላችሁ። በ10 በመቶ፣ ለ20 ዓመት በየዓመቱ የሚመጣ 1 ብር ዛሬ 8.51 ብር ያህል ዋጋ አለው። ንድፉን አምኖ 40 ሄክታር፣ በበጋ ጦም ያድር ነበር ብሎ የሠራ ተማሪ በዓመት 4.8 ሚሊዮን ያገኛል። 360,000 ጥገናን ሲቀንስ 4.44 ይቀረዋል። በ8.51 አባዝቶ 18 ሚሊዮኑን ሲቀንስ የተጣራ የአሁን ዋጋው 19.8 ሚሊዮን ይሆንለታል። ደስ ይላል።

አሁን ወንዙ የሚችለውን 30 ሄክታር አስገቡ፤ ወደ 9.6 ሚሊዮን ይወርዳል። ባህላዊውን መስኖና ሽምብራውን ቀንሱ፤ ወደ 1.1 ሚሊዮን። ቦዩ የበላውን መሬት ቀንሱ፤ 0.7 ሚሊዮን። በመጨረሻ ገበሬው በአንድ ጀንበር ሽንኩርት አምራች እንደማይሆን አስቡ። ዘር ማግኘት፣ የውሃ ተራ መልመድ፣ ገዢ መፈለግ ጊዜ ይወስዳል። ጭማሪው ጥቅም በመጀመሪያው ዓመት 40 በመቶ፣ በሁለተኛው 70፣ ከሦስተኛው ጀምሮ ሙሉ ይሁን። ውጤቱ ከዜሮ በታች 1.3 ሚሊዮን ይሆናል። ውስጣዊ የመመለሻ ምጣኔው፣ አይአርአር የምትሉት፣ 9 በመቶ ገደማ ነው።

ይህን መንገድ በሪፖርታችሁ ላይ እንዲሁ አሳዩት። ከ19.8 ወደ ኔጌቲቭ 1.3 ያወረደው እያንዳንዱ ግምት ምን ያህል እንደሚመዝን አንባቢ ያያል። ቁጥሩ ፖዘቲቭ እንዲሆን ብሎ ምርቱን ከ120 ወደ 160 ኩንታል ከፍ ማድረግ ግን ወዲያው ይታወቃል፤ በዞኑ የተመዘገበውን ምርታማነት የሚያውቅ ሰው አንዴ ሲያየው ይደርስበታል።

ፋይናንሻልና ኢኮኖሚክ ትንተና ልዩነታቸው ምንድን ነው? ሁለቱንም ልሥራ?

ከላይ የሠራነው በገበያ ዋጋ ነው፣ ፋይናንሻል ይባላል። ገንዘቡን ያወጣው ሰው ኪስ ይሞላል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ኢኮኖሚኩ ግን አገሪቱ ምን አጣች፣ ምን አገኘች ይላል። ስለዚህ ታክስና ድጎማ ከሂሳቡ ይወጣሉ፤ ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው የሚዞር ገንዘብ ናቸውና። ጉልበትም እንደገና ይተመናል። በበጋ ሰው ሥራ ፈትቶ በሚቀመጥበት መንደር የአንድ ቀን ጉልበት ለአገሪቱ የሚያሳጣት ከ300 ብር ያንሳል። 70 በመቶው፣ 210 ብር ነው ብንል፣ የሽንኩርቱ ትርፍ በሄክታር ወደ 142,500 ብር ያድጋል።

ጥንቃቄ የሚያሻው ቦታ ይሄ ነው፤ ማስተካከያው "ባይኖር" የሚለውም ዓምድ ላይ መግባት አለበት። ባህላዊው ሽንኩርት 200፣ ሽምብራው 50 የሰው ቀን ይፈልጋል ብዬ ሁለቱንም በ210 ብር አስልቻለሁ። የጠፋው 1 ሚሊዮን ወደ 1.2 ሚሊዮን ገደማ ይወጣል። ጭማሪው ጥቅም 3.08 ሚሊዮን፣ የተጣራ የአሁን ዋጋው ደግሞ 2.35 ሚሊዮን ፖዘቲቭ ይሆናል። አንዱ ፕሮጀክት በገበያ ዋጋ ይከስራል፣ በአገር ዓይን ያዋጣል። ሁለቱንም ሥሩ። ግን "በዚህ መንደር በበጋ በእርግጥ ሰው ሥራ ያጣል?" ለሚለው መልስ ይኑራችሁ። ሰው በበጋ ለቀን ሥራ ወደ ከተማ የሚወርድበት አካባቢ ከሆነ 70 በመቶው አይሠራም።

ግምቶቹ ቢዛነፉ የሚለውን ሁሉንም በ10 በመቶ ከፍና ዝቅ ላድርግ?

ያንን ሁሉም ያደርገዋል፤ ብዙም አይናገርም። የሽንኩርት ዋጋ 10 በመቶ መውረድና የግንባታ ወጪ 10 በመቶ መጨመር እኩል የሚያጋጥሙ ነገሮች አይደሉም። ይልቅ ገልብጣችሁ ጠይቁ፦ ይህ ቁጥር ስንት ቢለወጥ ፕሮጀክቱ ዜሮ ይገባል?

በኢኮኖሚክ ሂሳባችን ግንባታው በ13 በመቶ ቢንር ዜሮ እንገባለን። የሽንኩርት ዋጋ ግን ገና 4 በመቶ ሲወርድ ያበቃል። ለምን? ጠለፋው በዓመት የሚጨምረው ሽንኩርት 2,880 ኩንታል ነው፣ ዋጋው 7.2 ሚሊዮን ብር። ከዚህ ትልቅ ገቢ ላይ የሚተርፈው ትንሽ ስለሆነ የዋጋው ትንሽ መንሸራተት ትርፉን ይበላዋል። የሽንኩርት ዋጋ ከአንድ ገበያ ቀን ወደ ሌላው ከ4 በመቶ በላይ ሲለወጥ ማንም ሸማች አይቷል። አማካይ ዋጋችሁ በአንድ ጥሩ ዓመት ላይ ከተመሠረተ፣ ውጤታችሁ የዚያ ዓመት ውጤት ነው። በሪፖርቱ ላይ ከሁሉም በላይ ቦታ የምትሰጡት ለዚህ ቁጥር ይሁን።

ከጠለፋው በታች ያሉ ሰዎችስ? እነሱን እንዴት በቁጥር ላስገባ?

በደረቁ ወር 35 ሊትሩን በሙሉ ወስደናል ብዬ ነበር። ከታች ወንዙን እየመለሱ የሚያጠጡ፣ ከብት የሚያጠጡ፣ የሚቀዱ ሰዎች አሉ። ካርታው ላይ ስለማይታዩ ከሪፖርቱም ይቀራሉ። ጥቅሙን የወሰድነው ከነሱ ከሆነ ግን ያ ጥቅም አዲስ አይደለም፤ ቦታ ነው የቀየረው።

ቁጥሩን እንየው። ከታች 3 ሄክታር ባህላዊ ሽንኩርት ውሃ አጥቶ ቀረ እንበል። በተስተካከለው የጉልበት ዋጋ አንዱ ሄክታር 98,000 ብር ያተርፍ ነበር፣ ሦስቱ 294,000። ለ20 ዓመት በ8.51 ሲባዛ 2.5 ሚሊዮን ብር ነው። የፕሮጀክቱ ትርፍ 2.35 ሚሊዮን ነበር። በ40 ሄክታር ንድፍ ውስጥ የማይታዩ ሦስት ሄክታሮች መልሱን ገለበጡት።

ሁለት መንገድ አለ። ወይ ይህን ኪሳራ እንደ ወጪ ታስገባላችሁ፣ ወይ ለታችኛው ሰው የሚለቀቀውን ውሃ አስቀድማችሁ ከ35ቱ ላይ ቀንሳችሁ የሚለማውን ሄክታር እንደገና ታሰላላችሁ። ሁለቱን አንድ ላይ አታድርጉ፤ ድርብ ቅነሳ ይሆናል። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ውሃው መለቀቅ ያለበት በወረቀት ብቻ አይደለም። ከታች ስንት ሰው እንዳለ ለማወቅ ደግሞ የሳተላይት ካርታ ላይ የጥር ወይም የየካቲት ምስል ክፈቱ። በዚያ ወር በወንዙ ዳር አረንጓዴ ሆኖ የሚታየው ቁራጭ ማሳ የአንድ ሰው የበጋ ሽንኩርት ሊሆን ይችላል። ለወረዳው የመስኖ ባለሙያ ደውላችሁ የማን እንደሆነ ጠይቁ።